ዲግሪ ወይስ ሰርተፊኬሽን? ኮዬ ፈጬ ላለችው ተማሪ የጻፍኩት መልስ

እህቴ፣ መልእክትሽን ደግሜ አነበብኩት። ኮምፒውተር ሳይንስ አራተኛ ዓመት ደርሰሻል። እናትሽ ዕቁብ ወጥቶላቸው ገንዘቡን ለአንቺ ሊያደርጉት አስበዋል። አንቺ ደግሞ "ዲግሪ ዋጋ የለውም፣ ሴኩሪቲ ፕላስ ያዢና በሳይበር ደህንነት ሥራ ግቢ" የሚሉ ቪዲዮዎችን አይተሽ፣ ዊዝድሮ ሞልቼ ሴኩሪቲ ፕላስ ለሚባለው የሳይበር ደህንነት ሰርተፊኬሽን ፈተና ልዘጋጅ ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ይህን ጥያቄ ከኮዬ ፈጬም ከቱሉ ዲምቱም ከአያትም ብዙ ልጆች ስለሚያነሱት፣ ለአንቺ ብቻ ከምመልስ ሁሉም እንዲያነበው አድርጌ ልጻፈው።

መጀመሪያ መልሱን ልንገርሽ። ዊዝድሮውን ተይው። ሰርተፊኬሽኑንም ዛሬ አትግዢው። ምክንያቱን ግን ረጋ ብለሽ አንብቢልኝ፣ ምክንያቱ ከመልሱ ይበልጣል።

ያ ምክር ከየት እንደመጣ እንይ። "ሴኩሪቲ ፕላስ ካለሽ ይበቃል" የሚሉት አብዛኞቹ ሰዎች አሜሪካ ያሉ ናቸው፣ ውሸትም እያወሩ አይደለም። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው 8570 በሚባለው መመሪያ፣ ሲስተሞቹን የሚያስተዳድርና ደህንነታቸውን የሚጠብቅ ሰው ሁሉ እንደ ሥራ ደረጃው የታወቀ ሰርተፊኬሽን እንዲኖረው አስገደደ። ለሚኒስቴሩ በኮንትራት የሚሠሩ ኩባንያዎችም በዚሁ ተያዙ። ከተፈቀዱት ሰርተፊኬሽኖች አንዱ የኮምፕቲያ ሴኩሪቲ ፕላስ ነው። መመሪያው በኋላ 8140 በሚባለው ተተካ፣ ሴኩሪቲ ፕላስ ግን ከዝርዝሩ አልወጣም። ስለዚህ እዚያ ያለ ቀጣሪ ያንን ወረቀት የሚጠይቀው ስለወደደው ብቻ አይደለም፣ ያለ እሱ ሰውዬውን ሥራው ላይ መመደብ ስለማይችል ጭምር ነው። በዚያ ገበያ ያደገ ሰው ምክሩን ሲሰጥ ይህን ታሪክ አብሮ አይነግርሽም።

እኛ ጋ በሩን የሚጠብቀው ሌላ ነው። የባንክ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሥራ ማስታወቂያ ፈልጊና አንብቢ። "በኮምፒውተር ሳይንስ፣ በኢንፎርሜሽን ሲስተም ወይም በተዛማጅ ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ዜሮ ዓመት ልምድ" ይላል። አንዳንዱ ጂፒኤም ይጨምርበታል። ሰርተፊኬሽን ከተጠቀሰ አብዛኛውን ጊዜ "ቢኖራት ይመረጣል" በሚል መስመር ነው የሚመጣው። ማመልከቻሽን መጀመሪያ የሚያየው የደህንነት ባለሙያ አይደለም፣ የሰው ሃብት ሠራተኛ ነው። እሱ ፊት ለፊቱ ብዙ ማመልከቻ ተደርድሯል፣ የደመወዝ ደረጃውም ከትምህርት ደረጃ ጋር የታሰረ ነው። ዲግሪ ወይም ቴምፖ ያላያያዘ ሰው ሲቪው የፈለገውን ያህል ቢያምር ወደ ጎን ይሄዳል። ይህ ፍትሐዊ ነው አልልሽም። ጎበዝ ልጆች እዚያ በር ላይ ሲቀሩ አይቻለሁ፣ ያናድደኛልም። ግን አንቺ አራት ዓመት ለፍተሽ ከበሩ ጥቂት እርምጃ ነው የቀረሽ፣ እዚህ ላይ መመለስ ደግ አይደለም።

ደግሞ የመውጫ ፈተናው አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ እሱ ዲግሪ የለም፣ ማለፊያው 50 ነው። የዘንድሮ አንደኛ ፈተናሽ ይህ ነው። ኔትወርኩ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ ዳታቤዙ እዚያው ውስጥ ስላሉ ለእሱ ማንበብሽ ለደህንነት ሥራም ማንበብ ነው።

ታዲያ ዲግሪው ይበቃል? አይበቃም። ዲግሪው ከሰው ሃብት ጠረጴዛ ያሳልፍሻል፣ ከዚያ በኋላ አብሮሽ የሚገባው ሁሉ ዲግሪ ያለው ነው። ሰርተፊኬሽን ደግሞ እኩል ዲግሪ ካላቸው ሰዎች መካከል ሲቪሽን ወደ ላይ ሊያወጣው ይችላል። ቃለ መጠይቅ ክፍል ውስጥ የተቀመጠው የቡድን መሪ ግን ሁለቱንም ወረቀቶች ገልብጦ ያስቀምጥና ሌላ ነገር ይጠይቅሻል። የመጀመሪያ ሥራ የሚገኘው ወይም የሚጠፋው እዚያ ክፍል ውስጥ ስለሆነ በዚያ ላይ ትንሽ ልቆይ።

እኔ ጀማሪ ሳናግር ከሁሉ በፊት የማስቀምጠው አንድ ወረቀት አለ። ከሊኑክስ ሰርቨር የወጣ የመግቢያ ሎግ ነው፣ ማን ሊገባ እንደሞከረና ማን እንደገባ የሚመዘገብበት፣ ለምሳሌ በተመደበ አይፒ የተሠራ። በአጭሩ ይህን ይመስላል፦

```
Mar 12 02:14:07 srv1 sshd[2211]: Failed password for invalid user admin from 203.0.113.45 port 51122 ssh2
Mar 12 02:14:10 srv1 sshd[2213]: Failed password for root from 203.0.113.45 port 51130 ssh2
Mar 12 02:14:13 srv1 sshd[2215]: Failed password for invalid user test from 203.0.113.45 port 51144 ssh2
Mar 12 02:31:40 srv1 sshd[2398]: Accepted password for backup from 203.0.113.45 port 52044 ssh2
```

በመካከሉ ብዙ የ`Failed` መስመር እንዳለ አስቢው። ከዚያ "ምን ይታይሻል?" ነው ጥያቄው።

ለፈተና ብቻ የተዘጋጀ ሰው ቶሎ ይመልሳል። "ብሩት ፎርስ ነው፣ አይፒውን ብሎክ አደርጋለሁ" ይላል። ፓስወርድ እየገመቱ ደጋግሞ የመሞከር ጥቃት ስሙ ይህ ነው፣ አልተሳሳተም። ግን ኢንተርኔት ላይ የተጋለጠ ማንኛውም ሰርቨር ቀንም ሌሊትም ፓስወርድ ሲሞከርበት ነው የሚውለው። ያ ዜና አይደለም። ዜናው የመጨረሻው መስመር ነው፣ `Accepted` የሚለው። ሰውዬው ገብቷል። ከገባ በኋላ አይፒውን መዝጋት ብቻውን ምንም አይፈታም፣ ከሌላ አይፒ ይመለሳል፣ ወይም ውስጥ የራሱን በር ከፍቶ ጨርሷል።

ተግባር ላይ የቆየ ሰው ዓይኑ ቀጥታ ወደዚያ መስመር ይሄዳል። ከዚያ አካውንቱን ያያል። `admin` እና `test` ፊት `invalid user` አለ፣ ስለዚህ እነዚህ ስሞች ሰርቨሩ ላይ የሉም፣ አጥቂው እየገመተ ነው። `root` ፊት ግን የለም፣ አካውንቱ አለና። `backup` ደግሞ ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ሲጫኑ ጀምሮ ያለ የሲስተም አካውንት ነው፣ ሰው በፓስወርድ እንዲገባበት አልተሠራም። እንግዲህ ወይ አንድ አድሚን ለሥራ ብሎ ፓስወርድ ሰጥቶታል፣ ወይ አንድ ሰው ከዚህ በፊት ነካክቶታል። ሁለቱም መጠየቅ አለባቸው። "ይህን አካውንት ማን ነው የሚጠቀምበት?" ብላ የጠየቀችኝ ልጅ ወረቀቷ ምንም ይሁን ምን ቀጣዩ ጥያቄ ይደርሳታል።

ቀጣዩ ሰዓቱ ነው፣ እዚህ ላይ የእኛ አገር የራሱ ጣጣ አለው። ሎጉ 02:31 ይላል። በየትኛው ሰዓት? በዚህ በቆየው አጻጻፍ ዓመቱም የሰዓት ክልሉም አልተጻፈም። አዲሶቹ የኡቡንቱ ቨርዥኖች ይጽፉታል፣ ብዙ ቦታ ያሉት አሮጌዎቹ ግን አይጽፉም። ሰርቨሩ በአዲስ አበባ ሰዓት ከተስተካከለ ሌሊት 8 ሰዓት ከ31 ነው። በዓለም አቀፉ ዩቲሲ ከሆነ ግን ሦስት ሰዓት ትጨምሪበታለሽ፣ ንጋት 11 ሰዓት ከ31 ይሆናል። አሁን የዳታ ሴንተሩን ጥበቃ "ሌሊት የገባ ሰው ነበር?" ብለሽ ብትጠይቂው "ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ቴክኒሺያን መጥቶ ነበር" ሊልሽ ይችላል፣ የጥበቃው መዝገብም መጋቢት 3 እንጂ ማርች 12 አይልም። የሰርቨሩን ሰዓት፣ የፋየርዎሉን ሰዓትና የሰውየውን ሰዓት በአንድ መስመር ላይ ማዋል ካልቻልሽ ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን ታገናኚያለሽ፣ ወይም የሚገናኙትን ትለያያለሽ። ይህን ከውጭ አገር የመጣ የፈተና መጽሐፍ አያስተምርሽም።

ከዚያ "ቀጥሎ ምን ታደርጊያለሽ?" እላለሁ። ከጀማሪ የምጠብቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ያ አይፒ ሌላ የት እንደታየ ትፈልግ፣ ከ02:31 በኋላ ያ አካውንት ምን እንደሠራ ትይ፦

```
grep "203.0.113.45" /var/log/auth.log
grep "Accepted" /var/log/auth.log
grep "sudo" /var/log/auth.log
getent passwd backup
```

አዲስ ዩዘር ተፈጥሯል? ያለ ፓስወርድ የሚያስገቡ ቁልፎች በሚቀመጡበት በ`authorized_keys` ውስጥ የማይታወቅ ቁልፍ ገብቷል? በተወሰነ ሰዓት ራሳቸው የሚሠሩ ትእዛዞች በሚጻፉበት `crontab` ላይ አዲስ ነገር አለ? በዚህ መሀል ለኃላፊዋ ትደውል፣ ያየችውንና ያየችበትን ሰዓት ትጻፍ። ሰርቨሩን ማጥፋት አይደለም፣ ከኔትወርክ መነጠል ነው የሚሻለው። ከጠፋ ሚሞሪው ውስጥ ያለው ማስረጃ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ያንንም ቢሆን ለብቻዋ አትወስን፣ ሰርቨሩ የባንኩን ክፍያ የሚያስተላልፍ ሊሆን ይችላል። "ይህን እኔ አልወስንም፣ እገሌን እጠይቃለሁ" ማለት የምትችል ጀማሪ በጣም ነው የምትፈለገው።

አሁን ጥያቄሽን ከዚህ ወረቀት ጋር አያይዘሽ እይው። የሲስተም አካውንት ምን እንደሆነ፣ ፕሮሰስና ፖርት ምን እንደሆኑ ያስተማረሽ ዲግሪው ነው፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተምና የኔትወርክ ኮርሶችሽ። መጀመሪያ መነጠል፣ ማስረጃ መጠበቅ፣ ከዚያ ማጽዳት የሚለውን ቅደም ተከተል በደንብ አደራጅቶ የሚያስተምርሽ የሰርተፊኬሽኑ ትምህርት ነው፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲ ይህን በዚህ መልክ አያስተምርም። `Accepted` የሚለውን ከብዙ መስመር መሀል የሚያይ ዓይን ግን ሁለቱም አይሰጡሽም። እሱ ቁጭ ብሎ ሎግ ከማንበብ ነው የሚመጣው።

ስለ ዳምፕም ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የፈተና ጥያቄና መልስ በቴሌግራም እየተሸጠ ነው፣ ያንን ሸምድደው ያለፉ አሉ። ከተደረሰበት ሰርተፊኬሽኑ ይሰረዛል። ሳይደረስበትም ቢቀር ከላይ ያለው ወረቀት ፊት ላይ ይታወቃል። ትርጉሙን እንደ ውዳሴ ማርያም ይወጡታል፣ መስመሩን ግን ማንበብ ያቅታቸዋል። አንድ ቡድን መሪ ሁለት ሦስት እንዲህ ዓይነት ሰው ካጋጠመው በኋላ ሰርተፊኬሽኑን ራሱን መጠርጠር ይጀምራል፣ በሐቅ ለፍተው ያለፉት ልጆች ናቸው የሚጎዱት። እባክሽ እዚያ ውስጥ እንዳትገቢ።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። የሴኩሪቲ ፕላስ የአሜሪካ ዋጋ ከ400 ዶላር በላይ ነው። ዋጋው እንደ አገሩ ስለሚለያይ ለኢትዮጵያ የሚያወጣውን ራስሽ ገጹ ላይ እይው። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ስለነበር 400 ዶላር ወደ 23 ሺህ ብር ነበር። አሁን በባንክም ከእጥፍ በላይ ሆኗል፣ በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ብትወድቂ ድጋሚ ሙሉ ክፍያ ነው። ብታልፊ ደግሞ የሚያገለግለው 3 ዓመት ነው፣ ለማሳደስ ነጥብ ማሰባሰብና በየዓመቱ 50 ዶላር መክፈል ይመጣል። ዛሬ ተፈትነሽ ሥራ ሳታገኚ አንድ ዓመት ካለፈ ከሦስቱ አንዱ ባዶ ሄደ ማለት ነው። ፈተናውን የምትወስጂበት ጊዜ ራሱ ገንዘብ ነው።

በዚያ ፋንታ ትምህርቱን ውሰጂ፣ ፈተናውን አቆዪው። ሴኩሪቲ ፕላስ የሚጠይቃቸው ርዕሶች ዝርዝር በነጻ ይወርዳል፣ ያንን እንደ ሲለበስ ተጠቀሚበት። የሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ ላይ ነጻ ኮርሶች አሉ። አይኤስሲ2 የተባለው ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ለጀማሪዎች "ሲሲ" የተባለ ሰርተፊኬሽን በነጻ ትምህርትና በነጻ ፈተና ሲሰጥ ቆይቷል። ክፍት ከሆነ ተመዝገቢ፣ ስታልፊ ግን በዓመት 50 ዶላር የአባልነት ክፍያ እንዳለው ከወዲሁ እወቂ። ብዙዎች ነጻ ነው ብለው ገብተው እዚህ ላይ ይደነግጣሉ።

ልምምዱን ቤትሽ መሥራት ትችያለሽ። ቨርቹዋልቦክስ ላይ ሁለት ኡቡንቱ ሰርቨር ጫኚ፣ ለእያንዳንዳቸው 2 ጊጋ ራም ይበቃል። የመጫኛው ፋይል ከ2 ጊጋ በላይ ስለሆነ ግቢ ዋይፋይ ላይ አውርጂው፣ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አትፈልጊም። ስትጭኚ `OpenSSH server` የሚለውን ምረጪ፣ ሁለቱ እንዲገናኙም ቨርቹዋልቦክስ ላይ የሁለቱንም ኔትወርክ `Host-only` አድርጊው። አንዱ ላይ ደካማ ፓስወርድ ያለው ዩዘር ፍጠሪ። ከሌላው ሆነሽ በ`ssh` ደጋግመሽ ተሳሳቺ፣ ከዚያ በትክክለኛው ግቢ፣ ሁለት ሦስት ነገር ቀያይሪና ውጪ። በማግስቱ እንደማታውቂ ሆነሽ ሎጉን ክፈቺና ምን እንደተደረገ አውጪው። ያደረግሽው ነገር ሎጉ ላይ ካልታየሽ ለምን እንዳልታየ ፈልጊ፣ ዋናው ትምህርት እዚያ ነው ያለው። ከዚያ አንድ ገጽ ሪፖርት ጻፊ። ምን ሆነ፣ በስንት ሰዓት፣ ማስረጃው የቱ መስመር ነው፣ ምን አላወቅሁም። "ምን አላወቅሁም" የሚለውን እንዳትዘይው።

ሊኑክሱ ሲለምድሽ ወደ ዊንዶውስ ሂጂ፣ እዚህ አገር የቢሮ ኮምፒውተር ብዙው ዊንዶውስ ነውና። ኢቨንት ቪውወር ውስጥ 4625 ያልተሳካ መግቢያ ነው፣ 4624 የተሳካ፣ 4720 አዲስ ዩዘር ሲፈጠር፣ 1102 ደግሞ የሴኩሪቲ ሎጉን አንድ ሰው ሲያጸዳው። እነዚህን አራቱን ብቻ ይዘሽ ተመሳሳዩን ልምምድ ድገሚው። ሁሉንም ግን በራስሽ ማሽን ላይ። የግቢውን ሰርቨር ወይም የጎረቤትን ዋይፋይ ልሞክር ብትይ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ መግባት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፣ "እየተማርኩ ነው" ማለት አያድንሽም።

መልሴ ለሁሉም ሰው አንድ እንዳይመስልሽ። ጓደኛሽ አካውንቲንግ ተመርቆ አሁን ወደዚህ ሙያ መምጣት ከፈለገ ሁለተኛ ዲግሪ ከዜሮ ጀምር አልለውም። ዲግሪ የሚባለውን በር በከፊል አልፏል፣ የጎደለው የሙያው ማስረጃ ስለሆነ ለእሱ ሰርተፊኬሽኑ ይቀድማል፣ የሒሳብ ዕውቀቱም በአይቲ ኦዲት በኩል ያስገባዋል። ከቤቱ ሆኖ ለውጭ ኩባንያ መሥራት የሚፈልግም እንዲሁ፣ እነሱ የእኛን ዩኒቨርሲቲዎች ስለማያውቋቸው የሚያውቁትን ስም ይፈልጋሉ። አንቺ ግን ተመራቂ ነሽ፣ የምታስቢውም እዚሁ ባንክና ቴሌኮም ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። "ሶክ አናሊስት" የሚል፣ ማለትም የደህንነት ክትትል ማዕከል ባለሙያ የሚፈልግ ማስታወቂያ ብቻ አትጠብቂ። እዚህ ዜሮ ዓመት ብሎ በዚያ ስም የሚወጣ ብዙ የለም። አይቲ ሰፖርት፣ ኔትወርክ ወይም ሲስተም አድሚን ከወጣ አመልክቺ። ብዙ የደህንነት ሰው የገባው በዚያ በር ነው፣ ከውስጥ መዘዋወር ከውጭ ከመግባት ይቀላል። ፓስወርድ ሲቀይሩና ፕሪንተር ሲያስተካክሉ የከረሙ ሰዎች የመሥሪያ ቤቱ ሲስተም ጤነኛ ሲሆን ምን እንደሚመስል ያውቃሉ፣ ያልተለመደውን የሚለዩትም ለዚህ ነው።

ለእናትሽ እንዲህ በያቸው። ላፕቶፕሽ 4 ጊጋ ራም ብቻ ካለው ከዕቁቡ ላይ ጥቂት ወስደሽ ወደ 8 አሳድጊው፣ መርካቶም መገናኛም ያገለገለ ራም ይገኛል፣ ከመግዛትሽ በፊት ዲዲአር3 ይሁን ዲዲአር4 አረጋግጪ። ቀሪውን እሳቸው ጋ ይቆይ። የመውጫ ፈተናውን አልፈሽ ማስታወቂያ መከታተል ስትጀምሪ፣ የምትፈልጊያቸው ቦታዎች ሴኩሪቲ ፕላስን በስሙ እየጠቀሱ ከሆነ ያኔ ክፈዪ፣ በዚያን ጊዜ ትምህርቱን ጨርሰሽ ስለምትጠብቂው በጥቂት ሳምንት ክለሳ ትፈተኛለሽ። ካልጠቀሱት ገንዘቡ አለሽ። የመጀመሪያውን ሪፖርት ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ ሎጉንም አያይዢው፣ ሳላየው የምሰጥሽ አስተያየት አይረባሽም።